«ደብል» ስንል ስንት አልጋ ማለታችን ነው?

ሁለት የሥራ ባልደረቦች ለስብሰባ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ይመጣሉ። መሥሪያ ቤታቸው ቀደም ብሎ በስልክ «ደብል» ክፍል ይዞላቸዋል። ማታ ደክሟቸው ሲደርሱ የሚጠብቃቸው አንድ ሰፊ አልጋ ነው። ደዋዩ «ደብል» ሲል ሁለት አልጋ ማለቱ ነበር፤ ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ደግሞ ለሁለት ሰው የሚሆን አንድ አልጋ ብላ መዘገበች። ሁለቱም በሚያውቁት ልክ ትክክል ናቸው። ሆቴሉ ያን ሌሊት ከሞላ ግን የቀረው አማራጭ ወለል ላይ ፍራሽ ማንጠፍ ወይም አንዱን እንግዳ ሌላ ሆቴል መላክ ነው።

እንዲህ ያለው ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በእንግዳ ተቀባይዋ ላይ ነው። እኔ ግን ጥፋቱ የሆቴሉ ነው እላለሁ። ያው አንድ ክፍል በድረ ገጹ ላይ «ዴሉክስ ደብል»፣ በብሮሹሩ ላይ «ባለ ሁለት አልጋ ምቹ ክፍል»፣ በመቀበያው ኮምፒውተር ላይ TWN፣ በጽዳት ክፍሉ ወረቀት ላይ ደግሞ «ሁለት ነጠላ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሠራተኛዋ የቱን ትመን? ሆቴሉ ለእያንዳንዱ ክፍል፣ አልጋና አገልግሎት በሚሠራባቸው ቋንቋዎች ሁሉ አንድ የጸደቀ ስም የሚሰጥ የስያሜ መዝገብ ሊኖረው ይገባል። ለዚህ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ በጥንቃቄ የተሠራ አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃል። ዋናው ጉዳይ ሰንጠረዡ ከምን ተነሥቶ ይሞላል የሚለው ነው።

የተለመደው አሠራር የእንግሊዝኛ ቃላትን ዘርዝሮ ለተርጓሚ መስጠት ነው። ይህ መንገድ የእንግሊዝኛውን ብዥታ ወደ አራትና አምስት ቋንቋ ከማባዛት በቀር ጥቅም የለውም። የስያሜ ባለሙያዎች የሚመክሩት ተቃራኒውን ነው፦ አንድ ረድፍ ለአንድ ነገር እንጂ ለአንድ ቃል አይሰጥም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ሜትርና ካሜራ ይዞ ፎቅ ለፎቅ በመዞር ነው። በየክፍሉ ስንት አልጋ አለ? እያንዳንዱ ስፋቱ ስንት ነው? ይነቃነቃል ወይስ ከግድግዳው ጋር ታስሯል? ስም የሚወጣው ይህ ሁሉ ከተመዘገበ በኋላ ነው።

ይህን ዙር ያደረገ ሰው ቶሎ የሚገነዘበው ነገር አለ። የክፍል ስሞች ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይደባልቃሉ፦ ክፍሉ ስንት ሰው ይይዛል፣ ምን ዓይነት አልጋ አለው፣ ደረጃውስ ምንድን ነው። «ዴሉክስ» ስለ ደረጃ ይናገራል፤ ስለ አልጋ አንዳች አይልም። «ስታንዳርድ»ም እንደዚሁ ይመስለናል፤ ወደ ቻይንኛ ሲሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። ቻይናውያን «ቢያው ጁን ጂየን» የሚሉት ቃል በቃል «መደበኛ ክፍል» ቢሆንም፣ በሆቴል ቋንቋቸው የተለመደው ትርጉሙ ሁለት የተለያዩ አልጋዎች ያሉት ክፍል ነው። ባለ አንድ አልጋ መደበኛ ክፍሉን በዚህ ስም ያስተረጎመ ሆቴል የሌለውን አልጋ ቃል ገብቷል። ጣሊያንኛም ወጥመድ አለው። «ዶፒያ» የእንግሊዝኛው «ደብል» እኅት ይመስላል፤ በጣሊያን ሆቴሎች ግን ሁለት አልጋ ያለውን ክፍል ነው የሚያመለክተው። አንድ ሰፊ አልጋ ያለው «ማትሪሞኒያሌ» ይባላል። ስለዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች በመዝገቡ ላይ ሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ፤ የክፍሉ ሙሉ ስም ከሦስቱ ይገጣጠም።

የአልጋ መጠንም በስም ብቻ አይታመንም። አሜሪካዊው «ኪንግ» የሚለው አልጋ 193 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የእንግሊዙ «ኪንግ» ግን 150 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አሜሪካዊው ይህንኑ ቢያይ «ኩዊን» ነው የሚለው። በአንድ ቃል ውስጥ የ43 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ ማለት ነው። በዚህ ረገድ የእኛ የፍራሽ ገበያ አነጋገር ይሻላል። ገዢውም ሻጩም «ሜትር ከሃያ»፣ «ሜትር ከሃምሳ»፣ «ሜትር ከሰማንያ» ብለው በስፋቱ ስለሚጠሩት ማንም አይሳሳትም። መዝገቡ ይህን ልማድ ይውሰድ፤ በየቋንቋው ስም አጠገብ ስፋቱ በቁጥር ይቀመጥ።

እስቲ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ባሕር ዳር ውስጥ 40 ክፍል ያለው ሆቴል አለ እንበል። እስካሁን «ሲንግል»፣ «ደብል» እና «ትዊን» ብሎ ነው የሚሸጠው። ሜትር ይዘን ስንዞር ግን የአልጋው ዓይነት አራት ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው ባለ 150 ሳንቲ ሜትር አንድ አልጋ፣ ሁለተኛው ባለ 180 አንድ አልጋ ነው። ሦስተኛው በመካከላቸው የተተከለ ኮሞዲኖ ያላቸው ሁለት ባለ 90 አልጋዎች ሲሆን፣ አራተኛው ደግሞ ተነጣጥለው ሊዘረጉ ወይም ተጋጥመው ባለ 180 አንድ አልጋ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ባለ 90 አልጋዎች ነው። ሦስተኛውና አራተኛው እስከ ዛሬ «ትዊን» በሚል አንድ ስም ይሸጡ ነበር። ባልና ሚስት መጥተው «አልጋዎቹን አጋጥሙልን» ሲሉ፣ አንዳንድ ቀን የተቻለው ሌላ ቀን የማይቻለው ለዚህ ነበር።

የአራተኛው ረድፍ እንዲህ ይሞላል። በመጀመሪያ መለያ ቁጥር፣ ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፍቺ፣ ከዚያ የአልጋው ስፋትና የሚይዘው ሰው ብዛት፣ ተነጣጥሎና ተጋጥሞ የተነሣ ሁለት ፎቶ፣ የመቀበያው ኮምፒውተር የሚጠቀምበት ኮድ። ከዚያ በኋላ ነው ስሞቹ የሚመጡት። በአማርኛ «ባለ ሁለት ነጠላ አልጋ ክፍል፣ የሚጋጠም»፣ ቦታ ለሚያንስበት ወረቀት «ሁለት ነጠላ፣ የሚጋጠም» የሚል አጭር ስም፤ ለእንግሊዝኛው «ትዊን»፤ ለቻይንኛው ሁለት አልጋ ያለውን ክፍል የሚያመለክተው «ሽዋንግ ቹዋንግ ፋንግ»፤ ለጣሊያንኛው «ዶፒያ»፤ ሦስቱም አልጋዎቹ የሚጋጠሙ መሆናቸውን ከሚገልጽ ማብራሪያ ጋር። የመጨረሻው ዓምድ የተከለከሉ ስሞች ነው። በዚህ ረድፍ «ደብል» ተከልክሏል፤ ለምን እንደተከለከለም አብሮ ይጻፋል። ይህ ዓምድ ከሌለ አሮጌው ስም በሚቀጥለው ብሮሹር ተመልሶ ይመጣል።

የአማርኛው ዓምድ የራሱ ችግር አለው፤ ከሁሉ በፊት መፍትሔ የሚሻውም እሱ ነው። በአገራችን «አልጋ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ስለ ክፍል ነው። ታዲያ «ሁለት አልጋ ያዝልኝ» ሲባል ሁለት ክፍል ነው ወይስ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል? አነጋገሩ ሁለቱንም ይሸከማል። የእንግዳውን አነጋገር መለወጥ አይቻልም፤ አይገባምም። የሆቴሉን መልስ ግን መወሰን ይቻላል። ደንቡ አጭር ነው፦ በጽሑፍም በስልክም «ክፍል» እና «አልጋ» ሁልጊዜ አብረው፣ ሁለቱም ከነቁጥራቸው ይጠቀሱ። «አንድ ክፍል፣ ሁለት ነጠላ አልጋ፣ ለሁለት ሰው» ብላ መልሳ ያረጋገጠች ሠራተኛ ማታ ክርክር አይገጥማትም።

ሌላው የአማርኛ ጣጣ አጻጻፍ ነው። «ዴሉክስ» አንድ ገጽ ላይ «ዲሉክስ»፣ ሌላው ላይ «ደሉክስ» ሆኖ ይገኛል። «የሕፃን አልጋ» በ«ሐ»፣ በ«ሀ»፣ በ«ጸ»፣ በ«ፀ» እየተለዋወጠ ይጻፋል። ሰው አንብቦ ይገባዋል፤ ኮምፒውተር ግን ለየብቻ ቃል አድርጎ ስለሚቆጥራቸው በፍለጋ ለማረም የሞከረ ሰው ግማሹን ሳያርም ያልፋል። መዝገቡ አንዱን አጻጻፍ ያጽድቅ፤ ሌሎቹን በተከለከሉት ዓምድ ይዘርዝር። እርማት ሲደረግ የሚፈለገው ያ ዝርዝር ነው።

ወደ አገልግሎቶቹ ስንመጣ ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበው ሁኔታው ነው። ሆቴሉ «የልብስ ካውያ» ብሎ ሲጽፍ በየክፍሉ አለ ማለቱ ነው፣ ሲጠየቅ ይመጣል፣ ወይስ በክፍያ ነው? በእያንዳንዱ አገልግሎት ረድፍ ላይ ይህን የሚመልስ ዓምድ ከሌለ አራቱም ቋንቋዎች የተለያየ ቃል ይገባሉ። «ተጨማሪ አልጋ» የሚለውም መፈተሽ አለበት፤ የሚመጣው ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ከሆነ በሁሉም ቋንቋ «ተጨማሪ ፍራሽ» ይባል። ልጆች ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦች ደግሞ በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎችና ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች አንድ አይደሉም። የአምስት ዓመት ልጅ በሌሊት ወደ እናቱ ለመምጣት ኮሪደር መውጣት ይኖርበት እንደሆነና እንዳልሆነ የሚለየው ይህ ስያሜ ነው።

መዝገቡ ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው በፎቶ ነው። ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ፣ ሆቴሉን የማያውቅ ሰው ይፈለግና ስሙ ብቻ ይነበብለት፤ ከአራቱ የአልጋ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ ከፎቶዎቹ ይምረጥ። ካመነታ ወይም ሌላውን ከመረጠ ስሙ ወድቋል፤ ትርጉሙ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ይቀየር። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው አይኤስኦ 18513 የሚባለው የሆቴል ስያሜዎች መስፈርት መነሻ ይሆናል፤ የእርስዎን ሆቴል አልጋ ግን አይቶት አያውቅም።

መዝገቡ የማይደርስበትም አለ። ብዙ የኦንላይን ማስያዣ ድርጅቶች የክፍል ዓይነትን ከራሳቸው ዝርዝር አስመርጠው፣ ትርጉሙንም ራሳቸው ያወጡታል፤ ሆቴሉ ያን መለወጥ አይችልም። የሚችለው በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሮ የእኛ አራተኛ ረድፍ እዚያ በየትኛው ምርጫ እንደሚገባ መጻፍና የቀረውን በነጻ መግለጫው ቦታ ማብራራት ነው።

መዝገቡ ባለቤት ያስፈልገዋል። በእኔ እምነት ባለቤቱ የክፍል ማስያዣው ኃላፊ ይሁን፤ የአማርኛውን ዓምድ ግን ከማንም በፊት የጽዳት ክፍሉ ኃላፊ ያጽድቀው። አንሶላውን የሚያነጥፉት፣ አልጋ የሚያጋጥሙትና የሚነጣጥሉት የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ትእዛዙንም የሚቀበሉት በአማርኛ ነው። የእነሱ ቃል ካልጠራ የቻይንኛውና የእንግሊዝኛው መጥራት እንግዳውን አያስተኛም። ባለ 150ው ፍራሽ በባለ 180 በተተካ ቀንም የግዢ ሰነዱ ከመዘጋቱ በፊት ረድፉ ይታደስ፤ ያ ስም የት የት እንደተጻፈ የሚያሳይ ዝርዝር በመዝገቡ ይያዝ፤ እሱ ይከፈትና ድረ ገጹም፣ ብሮሹሩም፣ የመቀበያው ኮምፒውተርም በዚያው ሳምንት ይስተካከሉ።