በቀኝ ጠርዝ እንሩጥ፣ ቱታችንም ይታይ

በናይሮቢ የምንኖርና ከሥራ በፊት ወይም በኋላ የምንሮጥ ወላጆች፣ መምህራንና የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። በዚህ መጽሔት ላይ ሐሳባችንን የምናካፍለው ጧት በጨለማ ብቻቸውን ወደ አስፋልት የሚወጡ ልጆች እየበዙ ስለሆነ ነው። ሩጫው ይቁም አንልም። ሦስት ነገሮች ግን እንዲለወጡ እንጠይቃለን፤ የምንሮጥበት ጠርዝ፣ የምንለብሰው ቱታ እና ከቤት ስንወጣ የምንናገረው ነገር።

በመጀመሪያ ስለ ጨለማው። ናይሮቢ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሲሆን የምትጠልቀውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ምሽቱ ቀስ ብሎ አይመጣም። ፀሐይ ከገባች በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ወገግታ ይቆያል፤ ከዚያ ድፍን ጨለማ ነው። ስለዚህ ከቢሮ ወጥቶ፣ የመኪና ሰልፉን አልፎ፣ ልብስ ቀይሮ 1 ሰዓት ላይ የሚሮጥ ሰው ሙሉ ሩጫው በጨለማ ነው። ጧት 11 ሰዓት ተኩል የሚነሣ ልጅም እንዲሁ።

«በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ስለሆነ ይሻላል» ሲባል እንሰማለን። ባዶ መንገድ ግን ለሹፌሩ ፈጣን መንገድ ነው። ቀን በመጨናነቅ የሚሳብ ማታቱ ጧት ያለ ከልካይ ይበራል። አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ አንድ ነገር አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ ተኩል ይፈጃል እንበል። በዚህ ጊዜ መኪናው 25 ሜትር ሄዷል። ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በድምሩ 45 ሜትር ነው፤ ዝናብ ካለ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል።

አሁን የትምህርት ቤታችንን ጥቁር ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ተማሪ በዚያ መንገድ ላይ እናስበው። ጥቁር ልብስ በአጭር መብራት የሚታየው በ30 ሜትር ርቀት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ልጁን ሲያይ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አልፎታል። ፍሬን መያዝ የሚጀምረው አምስት ሜትር ሲቀረው ነው፤ ልጁ ጋ ሲደርስም ፍጥነቱ ገና ከ50 በላይ ነው። ሹፌሩ ጠጪ ወይም ግድ የለሽ መሆን አያስፈልገውም፤ ጠንቃቃ ሹፌርም በዚህ ስሌት አይተርፍም። ብርሃንን ወደ መጣበት የሚመልስ አንጸባራቂ ጭረት ያለበት ልብስ ግን ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ደማቅ ሰደርያ በቀንና በወገግታ ጥሩ ነው፤ በድፍን ጨለማ ግን ድምቀቱ ይጠፋል። በጨለማ የሚሠራው በላዩ ላይ የተሰፋው ብርማ ጭረት ነው። ዕቃው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ልብሱን ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰቅለን ራቅ ብለን በስልክ ፍላሽ ፎቶ እናንሣው። በፎቶው ላይ ጭረቱ እንደ አምፖል ካልበራ ጌጥ ብቻ ነው። ጭረቱ ደረት ላይ ብቻ ከሚሆን ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ላይም ቢኖር ይሻላል፤ ምክንያቱም ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘውን እግር ሲያይ ሹፌሩ ከፊቱ ያለው ሰው መሆኑን ወዲያው ይለያል። የቆመ ብልጭታ ግን የመንገድ ምልክት ሊመስለው ይችላል።

ቀጥሎ ጠርዙ። አዲስ አበባ መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ከፊት የሚመጣውን እያየ መሮጥ የሚፈልግ ሰው ግራውን ይይዛል። ይህ ልማድ በእግራችን ውስጥ ገብቷል። ኬንያ ግን መኪና የሚሄደው በግራ ነው። የአዲስ አበባውን ልማድ ይዞ እዚህ ግራ ጠርዝ ላይ የሚሮጥ ሰው ጀርባውን ለመኪና ሰጥቷል ማለት ነው። የእግረኛ መንገድ ካለ በእርሱ እንሩጥ፤ ከሌለ ግን ቀኝ ጠርዝ ነው። የሚመጣውን መኪና ካየን ወደ ዳር ለመውጣት ጊዜ እናገኛለን።

ቀኝ መያዝ ብቻውን ግን አይበቃም። ቦዳ ቦዳዎች አንዳንዴ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ አንዳንዴም በእግረኛ መንገድ ላይ ከኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ መድፈን አይገባም። ጠርዙ ላይም ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድና ክፍት ቦይ አለ፤ አንድ መንገድ በቀን ሳይታይ በጨለማ አይሮጥበት። እኛ የምንመርጠው በሰፈር ውስጥ መብራት ያለበት፣ በየግቢው ዘበኛ የሚቀመጥበት፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚሆን ዙር ነው። አራቴ መዞር ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ይሰለቻል፤ ነገር ግን ከቤት እጅግ አንርቅም፣ ዘበኞቹም ይለምዱናል። የካሩራን ደን የሚወድ ሰው ቅዳሜ በቀን ይሂድ።

ውሾችም በዚያ ሰዓት መንገዱ የእነርሱ ነው። የሚሮጥ ነገር ያሳድዳሉ። ውሻ ከመጣ እንቁም፣ ጎናችንን እንስጠው፣ ዓይን ዓይኑን አንይ፣ ቀስ ብለን ወደ ኋላ እንራቅ፤ ጀርባ ሰጥተን አንሩጥ። ከነከሰ ግን፣ ቁስሉ ጭረት ቢሆን እንኳ፣ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ከተወሰደ ነው። ልጆች ሆይ፣ ቁጣን ፈርታችሁ ንክሻ አትደብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ነገር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። «እማዬ፣ ልሮጥ ነው» ማለት መናገር አይደለም። የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ «በታችኛው መንገድ አራት ዙር እሮጣለሁ፣ 1 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፤ 1 ሰዓት ከሩብ ድረስ ካልመጣሁ ደውዪልኝ፣ ካላነሣሁ መጥታችሁ ፈልጉኝ።» ዋናው ቁም ነገር ሰዓቱ ነው፤ ሰዓት ካልተሰጠ የቀረ ሰው መቅረቱ አይታወቅም። በዋትስአፕ ለአንድ ሰዓት ያለንበትን ቦታ ማጋራትም ይረዳል፤ ስልኩ ቢወሰድ ወይም ቢጠፋ ግን የቀረው የተነገረው ቃል ነው። ሲመለሱም «ገብቻለሁ» ማለት አይረሳ።

ስለዚህ ለወላጅ ኮሚቴውና ለአስተዳደሩ ያለን ጥያቄ ይህ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ቱታ ሲታዘዝ ቁርጭምጭሚቱና ክንዱ ላይ አንጸባራቂ ጭረት ይሰፋበት፤ ቱታው በጥቂት ሽልንግ ሊወደድ ይችላል፣ እንቀበለዋለን። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችም ሰማዩ ሳይገረጣ ብቻቸውን ወደ መንገድ አይውጡ። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት የሚሮጥ ልጅ ታጥቦና ቁርስ በልቶ ለ2 ሰዓት ደወል ይደርሳል።