የርክክብ ደብተር

ባለፈው ክረምት ሌሊቱን ተረኛ ሆኜ አድሬ ጧት ቤት ስገባ፣ በሁለት ወር የጻፍኳቸውን አሥራ አንድ ገጾች አውጥቼ አነበብኩ። አንዱም አልጣመኝም። ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸውና ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ ስነቃ ከገጾቹ ቢያንስ ሦስቱ ጥሩ እንደነበሩ ትዝ አለኝ፤ ግን አመድ ሆነው ነበር። የጽሑፍ ልማዴን እንደ አዲስ ያበጀሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

እዚህ ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ በአማኑኤል ከተማ ነርስ ነኝ። መደበኛው ሥራ ጧት ሁለት ተኩል ይጀምራል። ሌሊት ተረኛ ስሆን ደግሞ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ገብቼ በማግስቱ ጧት ሁለት ተኩል እወጣለሁ። ልጆቹን ለትምህርት ቤት ለማሰናዳት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ፣ በቀን ሳልተኛ ለሌሊቱ ከገባሁ፣ ስወጣ ሃያ ስድስት ሰዓት ተኩል ነቅቻለሁ ማለት ነው። ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች የእጅና የዓይን ቅንጅት በደማቸው ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለባቸው ሰዎች ጋር ተመጣጥኗል። እኔ ገጾቼን ስቀድድ ከዚያ ብዙ አልፌ ነበር። የፈረደባቸው እንቅልፍ ያጣው ጭንቅላቴ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጌ ይህ ሆነ፦ ሌሊት ባደርኩበት ጧት ምንም አልሰርዝም፣ ምንም አልቀድድም። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አንብቤ ካልገባኝ፣ ወይም የጻፍኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካስጠላኝ፣ ችግሩ ከእኔ እንጂ ከጽሑፉ እንዳልሆነ አውቄ ደብተሩን እዘጋለሁ።

ቀደም ሲል የተማርኩት ምክር "በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጻፊ" የሚል ነበር። ጧት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሳት ሞከርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፤ በሁለተኛው ሁለት የሌሊት ተራ ገባና ተበላሸ፤ ከዚያ "አልቻልኩም" ብዬ ለወር ያህል ተውኩት። ተራው በሚለዋወጥ ሰው ቤት ሰዓት አይጸናም። የሚጸናው ድርጊት ነው። አሁን የምጽፈው እራት ተበልቶ ሰሃኑ ከተነሳ በኋላ ነው፤ አንድ ሰዓትም ይሁን ሁለት ተኩል። ባለቤቴ ልጆቹን ያስተኛል፣ እኔ ለሃያ አምስት ደቂቃ እቀመጣለሁ። እማዬ መጀመሪያ "ልጄ፣ ደክሞሻል፤ ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ" ትለኝ ነበር። መቼ እንደምጨርስ ከነገርኳት ወዲህ ግን እስክጨርስ አትጠራኝም። የቤተሰብ ፈቃድ የሚገኘው ማብቂያው ሲታወቅ ነው።

ከዚያም ወሩን ቆጠርኩ። ከሠላሳው ቀን ሰባት ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ በማግስታቸው ያሉት ሰባት ቀናት የማገገሚያ ናቸው። አሥራ ስድስት ይቀራል። ለቅሶ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ማኅበር፣ በ28 የአማኑኤል ዕለት፣ የልጅ ትኩሳት፣ እነዚህ ሲደመሩ አራት ቀን ያህል ይወስዳሉ። በእጄ የሚቀረው አሥራ ሁለት ነው። በሃያ አምስት ደቂቃ 120 ቃል ያህል እጽፋለሁ፤ በወር 1,440 ይሆናል። ተቆርጦና ተጠርቶ አንድ የዓምድ ጽሑፍ ይወጣዋል። በሳምንት አንድ እጽፋለሁ ብዬ ቃል የገባሁባቸው ጊዜያት ሁሉ የከሸፉት ለዚህ ነበር፤ ወሩ ውስጥ የሌሉ ቀናትን እየቆጠርኩ ነበር።

አሥራ ሁለቱ ቀናት ግን ተከታታይ አይደሉም። በሁለት ጽሑፍ መካከል አምስት ቀን ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ሃያ አምስቱ ደቂቃ የት እንደነበርኩ በመፈለግ ያልቃል። መፍትሔውን ያገኘሁት ከሥራዬ ነው። እኛ ተራ ስንለዋወጥ ርክክብ አለ። አስረካቢዋ ለተረካቢዋ ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደቀረና ምን መታየት እንዳለበት ሳትነግር አትወጣም። ተረካቢዋ አዲስ ናት፤ ሌሊቱን አላየችም። እኔም ከአምስት ቀን በኋላ ለራሴ ጽሑፍ አዲስ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከሃያ አምስቱ ደቂቃ የመጨረሻዎቹን ሦስት ለርክክብ እተዋለሁ፦ የት ደረስኩ፣ ቀጥሎ ምን አለ፣ ምን ያጠራጥረኛል። ደብተሩ ባለ 50 ሉክ ነው፤ መብራት ሲጠፋም በሻማ ይሠራል። የታካሚ ነገር ግን ፈጽሞ አይገባበትም፤ ያ የሌላው ርክክብ ነው።

አንዱን እነሆ፦ "አባቴ የገብሱን ማሳ ባሕር ዛፍ ሊያደርገው የወሰነበት ቀን ላይ ደርሻለሁ። ቀጥሎ፦ ችግኙ የተተከለበት ጧት። የሚያጠራጥረኝ፦ ችግኙ እንዴት ተደርድሮ ነበር? እማዬን ልጠይቅ።"

ሦስተኛዋ መስመር ለድካም ቀናት ሥራ ትሰጠኛለች። ሌሊት ባደርኩበት ቀን ተኝቼ ከተነሳሁ በኋላ አዲስ ነገር አልፈጥርም፤ እጠይቃለሁ ወይም የተጻፈውን እገለብጣለሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። መገልበጥ የደከመ ሰው የሚችለው ሥራ ነው፤ እጅ እየሄደ ጆሮ የሚሰናከልበትን ቦታ ይይዛል። የተሰናከልኩበትን አሰምርበታለሁ፤ ማረሙ ግን ለነቃው ቀን ይቆያል።

በሌሊት ተራው ላይ የጻፈም አለ። ፎክነር የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 መጨረሻ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኃይል ማመንጫ የሌሊት ሠራተኛ ሆኖ፣ ከአርባ ሰባት ቀን ባልበለጠ ጊዜ አንድ ሙሉ ልቦለድ ጽፎ ጨርሷል። ይህን ታሪክ ለእኔ ቢጤው መንገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሱ ሁልጊዜ ሌሊት ይሠራ ነበር፤ ከተወሰነ ሰዓት በኋላም ሥራው ይቀዘቅዝለት ነበር። የእኔ ሌሊት ጸጥ ሲል እንኳ ምጥ የያዛት እናት በር ላይ ልትደርስ ትችላለች። በተረኝነት ሰዓት አልጽፍም፤ ግማሽ ልብ ለሁለቱም አይበቃም። ከፎክነር ይልቅ የምመዘነው በአገሬ ሰው በሐዲስ አለማየሁ ነው፤ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ስለሆኑ። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ አምሳ ዓመት አልፏቸው፣ በአምባሳደርነትም በሚኒስትርነትም አገልግለው ነበር። ከእሳቸው የወሰድኩት ሥራና ጽሑፍ በአንድ ዕድሜ ውስጥ መዋል እንደሚችሉ ብቻ ነው፤ ፍጥነትን አይደለም።

ያንን የችግኝ ጥያቄ ለእማዬ ያቀረብኩት ሌሊት ባደርኩበት ቀን፣ ቶናው ሲቀዳ ነበር። ስኒዋን አስቀምጣ በጣቷ ምድሩ ላይ መስመር አሰመረች። "አዲስ ጉድጓድ መቼ ለካንና" አለችኝ። "በሬዎቹ ለገብስ ያረሱትን ትልም ትልሙን ተከትለን ነው የተከልነው፤ አሁንም ብታይው ዛፉ በእርሻው መስመር ነው የቆመው።"

ዓይኔ ሊከደን ደርሶ ነበር። ደብተሩን አውጥቼ የተናገረችውን እንዳለ ጻፍኩና ከሥሩ "ከዚህ ጀምሪ" ብዬ ተኛሁ። ከአራት ቀን በኋላ ደብተሩን ስገልጥ ምንም መፈለግ አላስፈለገኝም።