ፎቶ ደረሰኝ አይደለም

እኛ ሞያሌዎች «ኢንቮይሱን በዋትስአፕ ልኬልሃለሁ» ከተባልን ወዲያው ገንዘብ እንቆጥራለን። ተሳስተናል። የደረሰን ፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ስልክ ላይ ይቀየራል።

40 ካርቶን ሳሙና፣ አንዱን በ1,850 ሽልንግ ገዛችሁ እንበል። ዋጋው 74,000፣ የኬንያ ቫት 16 በመቶ 11,840፣ ጠቅላላው 85,840 ነው። ፎቶው ግን 95,840 ይላል። አጭበርባሪው 8ን 9 አድርጎ ሌላውን ረስቷል። ያቺን 9 አጉልታችሁ እዩ፤ ከጎረቤቶቿ ትወፍራለች ወይም ከመስመሩ ከፍ ዝቅ ትላለች።

«ዓይኔ ይለያል» በሚሉት ግን አልስማማም። ዋትስአፕ ፎቶውን ሲያሳንሰው እውነተኛውም ፊደል ይደበዝዛል፤ ጎበዝ አጭበርባሪ ደግሞ ፊደሉን ያመሳስላል። ስለዚህ መጀመሪያ አባዙ፣ ደምሩ።

ሁሉንም ቁጥር አስተካክሎ ከሆነስ? ሒሳቡም ይገጥማል። ያኔ የኢቲምስ ኢንቮይሱን ኪውአር ኮድ ስካን አድርጉ። የሚከፈተው ድረ ገጽ ስሙ በ kra.go.ke ማለቅ አለበት፤ እዚያ የተመዘገበው ጠቅላላ ድምር ከፎቶው ከተለየ አትክፈሉ።

«ወዳጄ ነው፣ ያፍርብኛል» አትበሉ። እውነተኛ ወዳጅ ኢንቮይሱ ቢመረመር ምን ያስከፋዋል?