ደብዳቤው ተተረጎመ፤ ትርጉሙ ግን የታለ?

ቃለ መጠይቁን በአማርኛ ያደርጋሉ። ሥራውን በአማርኛ ያዛሉ። ሲቆጡም በአማርኛ ነው የሚቆጡት። ደመወዝና የሙከራ ጊዜ የሚጻፍበት ወረቀት ላይ ሲደርሱ ግን ድንገት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይሆናሉ። ይሄን "ዘመናዊ አሠራር" የሚሉት አሉ። እኔ መሸፋፈን ነው የምለው።

ዋና መሥሪያ ቤታቸው ውጭ አገር የሆነ፣ ኦዲተራቸው አማርኛ የማያነብ ድርጅቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱም ቢሆኑ ከእንግሊዝኛው ጎን አማርኛውን ማስቀመጥ አያቅታቸውም። እኔ የምከራከረው ከባለቤቱ እስከ ጥበቃው ሁሉም አማርኛ እያወራ፣ የቅጥር ደብዳቤውን ብቻ ከኢንተርኔት ላይ ገልብጦ ከሚሰጠው ድርጅት ጋር ነው።

በቴሌግራም የደብዳቤ ፎቶ የምትልኩልኝ ተማሪዎቼ ብዙ ናችሁ። "ቲቸር፣ ይሄን ተርጉምልኝ" ትላላችሁ። ቃሉን መተርጎም ቀላል ነው። ችግሩ ቃሉ ተተርጉሞም ሰውየው ምን ሊፈርም እንደሆነ አለማወቁ ነው። የሥራ ደብዳቤ ተተረጎመ የሚባለው ደመወዙ እጅ ላይ ወደሚገባ ብር፣ የሙከራ ጊዜው ካላንደር ላይ ወዳለ ቀን፣ ጥቅማ ጥቅሙም "ይሄ ይገባኛል" ተብሎ ወደሚጠየቅ ነገር ሲለወጥ ነው። ከዚያ በታች ያለው የቃላት ልውውጥ ነው።

አንዱን ደብዳቤ እንየው። ባለቤቷ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም። ስቶር ኪፐር ናት። አሁን በምትሠራበት ቦታ 15,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ አላት፤ አበል የለውም፣ ሙሉው መሠረታዊ ደመወዝ ነው። አዲሱ ድርጅት 18,000 ጻፈላት። ጓደኛዋ "ጠቅላላ ወርሃዊ ደመወዝ 18,000 ብር" ብሎ ተርጉሞላታል። ቃሉ ልክ ነው። እሷ ግን የተረዳችው "በየወሩ 18,000 እቀበላለሁ፣ 3,000 ተጨመረልኝ" ብላ ነው። መልቀቂያ ልታስገባ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር።

መጀመሪያ የላከችልኝ ፎቶ ከታች ተቆርጧል። ሙሉውን አንሺው አልኳት። ይሄን ሁላችሁም ልብ በሉ፦ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ አራቱም ጠርዝ ይታይ፣ ሁለተኛ ገጽ ካለው እሱንም አንሱ፣ ስማችሁንና የመታወቂያ ቁጥራችሁን ሸፍኑ። እሷ ቆርጣ ያስቀረችው ከ18,000ው ሥር ያለውን መስመር ነበር። "ቤዚክ 12,000፣ የቤት አበል 6,000" ይላል። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ግሮስ ማለት ግብርና ጡረታ ሳይነሳለት የተጻፈ ደመወዝ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት ከወር ደመወዝ ላይ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ደረጃ መውጫ ነው፤ በየደረጃው ያለው ብር ብቻ በዚያ ደረጃ መቶኛ ይቆረጣል። እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት አበልም ግብር አለበት። ስለዚህ የ18,000ው ግብር 4,250 ብር ይሆናል። ጡረታ ደግሞ 7 በመቶ ነው፤ የሚሰላው ግን በመሠረታዊው 12,000 ላይ ስለሆነ 840 ብር። ሁለቱ ሲነሱ እጇ የሚገባው 12,910 ብር ነው።

አሁን ያለችበትን በዚያው መንገድ ስናሰላ ግብሩ 3,200፣ ጡረታው 1,050፣ የሚደርሳት 10,750 ብር ነው። ልዩነቱ 3,000 አይደለም፣ 2,160 ብር ነው። በወር 26 ቀን ለምትሠራ ሰው በቀን 83 ብር ገደማ ማለት ነው። አዲሱ ቦታ ደግሞ ከቤቷ ሩቅ ነው። ተጨማሪውን ታክሲና ከቤት ቋጥራ የማትሄደውን ምሳ ስታስቡት 83 ብር የት ይደርሳል?

ገና አላለቀም። አሠሪው ለጡረታዋ 11 በመቶ ይከፍላል። የሷ 7 ሲጨመር 18 በመቶ ነው። በ15,000 ላይ ሲሆን በየወሩ 2,700 ብር ይገባላት ነበር፤ በ12,000 ላይ ግን 2,160 ብቻ። ደመወዟ አደገ እየተባለ ለእርጅናዋ የሚቀመጠው በወር 540 ብር ቀነሰ። ድርጅቱ ደመወዙን ለሁለት ከፍሎ የጻፈው ለውበት አይደለም። መሠረታዊው ሲያንስ እሱም በየወሩ ለጡረታ የሚያዋጣው ያንሳል። አበል መክፈል ሕገ ወጥ አይደለም፤ ነገሩን በማታነበው ቋንቋ፣ በቅንፍ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ነውር ነው።

ወደ ሙከራ ጊዜው እንሂድ። ደብዳቤው "ፕሮቤሽን ስድስት ወር፣ እንደ አስፈላጊነቱ የሚራዘም" ይላል። አንዳንዱ "አመክሮ" ብሎ ይተረጉመዋል፤ ልጅቷን ከማረሚያ ቤት የወጣች አስመሰላት እኮ! የሙከራ ጊዜ በሉት። ትክክለኛው ቃል ግን ብቻውን አይበቃም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን አንስቶም ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። ስድስት ወር የሚል ደብዳቤ ከሕጉ በላይ አይሆንም።

ካላንደር ላይ እናድርገው። ሥራ የምትጀምረው ሰኞ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ትሠራለች። 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው። በመሃል በዓል ስለሌለ ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ያልቃል። ደብዳቤው ግን እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ "ሙከራ ላይ ነሽ" ይላታል። በእነዚህ ወራት መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ ካልሆነች ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቷት ይችላሉ፤ እሷም ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ትችላለች። ሰኞ ታኅሣሥ 13 ሥራዋ ላይ ከተገኘች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደተቀጠረች ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ለማሰናበት ሕጉ የሚያውቀው ምክንያት ያስፈልጋል፤ አዋጁ ከዘረዘራቸው ከባድ ጥፋቶች በስተቀርም የአንድ ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። የሕመም ፈቃድ የሚጀምረውም የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። እንግዲህ ጥር ላይ ብትታመም "ገና ሙከራ ላይ ነሽ" የሚላት ደብዳቤና መብት የሚሰጣት ሕግ ይጋጫሉ። ቀኑን የማታውቅ ከሆነ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው "ቤኔፊት" የሚለው ነው። ሦስት ነገር ተዘርዝሯል፦ 14 ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ጡረታ፣ "ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች በድርጅቱ ፖሊሲ መሠረት"። የመጀመሪያው ከሕጉ ያንሳል፤ አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ውል ደግሞ ሕጉ ካስቀመጠው በታች መውረድ አይችልም። ሁለተኛው ግዴታ ነው። ግብር የሚከፍል ሰው "ለመንግሥት ስጦታ ሰጠሁ" አይልም፤ አሠሪም የሕግ ግዴታውን ጥቅማ ጥቅም ብሎ ሲጽፍ ዝም ሊባል አይገባም። ሦስተኛው ባዶ ነው። ያላያችሁት ፖሊሲ ውስጥ ሕክምና ይኑር ቦነስ ይኑር አታውቁም። "በፖሊሲ መሠረት" የሚለውን በአማርኛ ስፈታው "ገና ያልነገርንሽ ነገር" ማለት ነው።

"ታዲያ ለምን እንግሊዝኛ አይማሩም?" የሚል ወዳጅ አለኝ። ዲግሪ ይዘው ግሮስና ኔት የተምታታባቸው ስንት ናቸው! ደግሞስ ሕጉ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚጸናው? ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የመጨረሻ ሕጋዊ ኃይል ያለው አማርኛው ነው። ሕጉ በአማርኛ የሚጸናበት አገር ውስጥ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ብቻ መስጠት ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ አዋጅ ሁሉንም አይመለከትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ። የድርጅት የሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ እዚህ ግን የሚታየው የመቅጠር፣ የማሰናበትና የመሳሰለው ሥልጣን መኖሩ እንጂ ደብዳቤው ላይ "ማናጀር" መባሉ አይደለም።

ልጅቷ መልቀቂያውን አላስገባችም። በፊት ለሰው ኃይል ክፍሉ ይህን ጻፈች፤ ገልብጣችሁ ውሰዱት፦

"ለቀረበልኝ የሥራ ዕድል አመሰግናለሁ። ከመፈረሜ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ቢገለጽልኝ፦ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ የሚደርሰኝ ወርሃዊ ክፍያ ስንት ነው? የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቅበት ቀን መቼ ነው? 'በፖሊሲ መሠረት' የተባሉት ጥቅማ ጥቅሞች የሰፈሩበት ገጽ ቢላክልኝ።"

መልሱ መጣ። የሙከራ ጊዜው ወደ 60 የሥራ ቀን፣ ፈቃዱም ወደ 16 ተስተካከለ። መሠረታዊ ደመወዙ ግን አልተነካም፤ እሱ ድርድር ነው፣ ሕግ አያስገድድላትም። አስልታ "ለ83 ብር አልነሳም" አለችና ቀረች። ሌላ ሰው ሌላ ይወስናል። ዋናው ቁጥሩን አይታ መወሰኗ ነው።

ዛሬ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የተቀመጣችሁ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያን የእንግሊዝኛ ቅጽ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያገኛችሁት እንጂ እናንተ አልጻፋችሁትም። ሥሩ ላይ ሦስት የአማርኛ መስመር ጨምሩበት፦ የሚደርስሽ ብር ይህን ያህል ነው፣ ሙከራሽ የሚያልቀው በዚህ ቀን ነው፣ ከሕጉ በላይ የምንሰጥሽ ይህ ነው። አለቃችሁ "አይሆንም" ካላችሁ፣ ለምን እንደማይሆን በአማርኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።