የሦስት ሳምንቱ ደብዳቤ
ጉለሌ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አምስት ዓመት የሠራች ሴት ለእህቷ ሠርግ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው እንበል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይታሰብና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ የዓመት ፈቃዷ 18 ቀን ይደርሳል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሚሠራ ሰው ይህ ሦስት ሳምንት ነው፤ እሷ ግን ሌላ ሦስት ሳምንት ትፈልጋለች። ሕጉ ለጋብቻ ሦስት ቀን የሚሰጠው ለሙሽራዋ እንጂ ለእህቷ አይደለም። ለልዩና ከባድ አጋጣሚ የሚፈቀደው ያለ ደመወዝ ፈቃድም ቢሆን ከአምስት ተከታታይ ቀን አያልፍም። እንግዲህ ትርፉ ሁሉ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነውና የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤዋን መብት እንደሚያስከብር ሰው ባትጽፍ እመርጣለሁ። ብዙዎቻችን ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ እንሮጣለን፦ ገጹን ሙሉ በናፍቆትና በትሕትና ሞልተን የምንመለስበትን ቀን እንረሳዋለን። የሰው ኃይል ኃላፊው ግን የሚፈልገው ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቀር፣ ስንቱ ቀን ከዓመት ፈቃዷ ስንቱ ያለ ደመወዝ እንደሚያዝ፣ ማሽኗንም ማን እንደሚይዝላት ነው። ካለፈው ዓመት የተላለፈ ፈቃድ ካላት መጀመሪያ እሱን ትጥቀስ፤ የምትለምነው ያጥራል። ለቪዛ የምታቀርበው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም እነዚሁኑ ቀኖች ይያዝ። አለቃዋ በቃል «ችግር የለም፣ ሂጂ» ቢላትም፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ሳትቀበል ቲኬት አትቁረጥ፤ እሷ ሠርግ ላይ ሳለች አለቃው ቢቀየር ፋይሏ ውስጥ የሚገኘው የቀረችባቸው ቀናት ዝርዝር ብቻ ነው።