ሶደሬን የመስታወት ሣጥን አታድርጉት

የአርክቴክቸር ተማሪዎች «ፍኖሜኖሎጂ» ይላሉ፤ ከዚያ ፍልውሃ ዳር የመስታወት ሣጥን ይነድፋሉ። ቃሉ ግን ሕንጻን በፎቶ ሳይሆን በገላ መመዘን ማለት ነው። ሶደሬ የሄደ ሰው ትዝ የሚለው የውሃው ሙቀት፣ እንፋሎቱና በአዋሽ ዳር ዛፎች ቅጠል መሃል የሚያልፈው ብርሃን ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ፒተር ዙምቶር በ1996 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የቫልስ ፍልውሃ፣ ግድግዳውን በአካባቢው ድንጋይ ደረደረ፤ ብርሃኑንም በጣሪያ ስንጥቆች አስገባ። እሱን መገልበጥም ስሕተት ነው። ቫልስ ብርዳማ ተራራ ነው፤ ወፍራሙ ግድግዳ ሙቀት ያቅፋል። ሶደሬ ቆላ ነው፤ የሚፈልገው ጥላና ነፋስ ነው። መስታወት ደግሞ ፀሐይን አስገብቶ ሙቀቱን ያፍናል።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ንድፋችሁ አዲስ አበባ ቢተከል ምንም ካልጎደለው፣ የሶደሬ አይደለም።