ቢትሬት ይሰላል እንጂ አይገመትም

በመቐለ ዓይናለምም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የሰርግ ፊልም ለፍላሽ ሲዘጋጅ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ኤዲተሩ የለመደውን ቢትሬት ያስገባና ሬንደር ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ለሰዓታት ሲሠራ ቆይቶ ሲጨርስ የፋይሉን መጠን ያያል። ከበዛ ቁጥሩን ቀንሶ እንደገና ይጀምራል፤ በጣም ካነሰ ደግሞ ጊዜ ስለሌለው የደበዘዘውን ምስል እንዳለ ያስረክባል። በመሃል መብራት ከጠፋ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ይህን አሠራር ብዙዎች ልምድ ይሉታል። እኔ ግን ማንም ሊከፍለው የማይገባ ኪሳራ ነው እላለሁ።

ለልማዱ የሚቀርበው መከራከሪያ «ቪዲዮ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሬንደር ሳይደረግ መጠኑ አይታወቅም» የሚል ነው። ይህ እውነት የሚሆነው በጥራት ደረጃ ሲሠራ ብቻ ነው። ጥራቱን ወስነን ቢትሬቱን ለፕሮግራሙ ከተውነው መጠኑ እንደ ምስሉ ይለያያል። መጠኑ አስቀድሞ ሲወሰን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቢትሬት በአንድ ሰከንድ የሚጻፈው የቢት ብዛት ስለሆነ፣ በርዝመቱ ሲባዛ መጠኑን ይሰጣል። የምስሉ ይዘት የሚወስነው ውጤቱ ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሚሆን ነው፤ የፋይሉን ክብደት አይደለም።

2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚፈጅ የሰርግ ፊልም እንውሰድ። ደንበኛው ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ማየት ይፈልጋል፤ ፍላሹ ደግሞ ብዙ ቴሌቪዥኖች በሚያነቡት በFAT32 ተዘጋጅቷል። ፍላሹ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ቢይዝም FAT32 ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ 34,359,738,360 ቢት ነው። ርዝመቱ 9,600 ሰከንድ ነው። ሲካፈል 3,579 ኪሎቢት በሰከንድ ይደርሳል። ምስልና ድምፅን አንድ ላይ የሚይዘው ፋይል ለራሱ ማውጫ ጥቂት ቦታ ይወስዳል፤ ኢንኮደሩም ከታለመው በመጠኑ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ 2 በመቶ እንተውና 3,507 ይቀራል። ለድምፅ 192 ሲነሳ 3,315 ነው፤ ወደ ታች አጠጋግተን 3,300 እንያዝ። ፋይሉ 4.19 ቢሊዮን ባይት አካባቢ ይሆናል፤ ፍላሹም ይቀበለዋል።

ሒሳቡን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የመለኪያ መደባለቅ ነው። በቢትሬት ውስጥ ኪሎ ማለት 1,000 ነው። ዊንዶውስ የፋይል መጠን ሲያሳይ ግን በ1,024 እያካፈለ ነው፤ 16 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ፍላሽ 14.9 የሚለው ለዚህ ነው። በጊጋባይት ደረጃ ልዩነቱ ከ7 በመቶ ይበልጣል፤ ከተውነው የ2 በመቶ መጠባበቂያ በእጅጉ ያልፋል። ስለዚህ ስሌቱን ሁልጊዜ በባይት መጀመር ይሻላል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ኢንኮዲንጉ በሁለት ዙር ይሁን።

```
ffmpeg -y -i serg.mov -c:v libx264 -b:v 3300k -pass 1 -an -f null NUL
ffmpeg -i serg.mov -c:v libx264 -b:v 3300k -pass 2 -c:a aac -b:a 192k serg.mp4
```

በመጀመሪያው ዙር ፕሮግራሙ የትኛው ትዕይንት ከባድ እንደሆነ ያጠናል፤ በሁለተኛው ቢቱን ያከፋፍላል። የቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓት ብዙ እንቅስቃሴ ስለሌለው በትንሽ ይበቃዋል። የተረፈው ቢት ሰው ሁሉ ነጠላ ለብሶ ለሚዞርበት ጓይላ ይውላል። አማካዩ ግን 3,300 አካባቢ ሆኖ ይቀራል። በፕሪሚየር የሚሠራ ሰው VBR, 2 pass የሚለውን ይምረጥ፤ ምርጫው ካልታየ ኢንኮዲንጉን ከሃርድዌር ወደ ሶፍትዌር ይቀይር።

ሁለት ዙር ጊዜ ይወስዳል የሚለው ቅሬታ ትክክል ነው። ነገር ግን በግምት የሚሠራ ሰው ሁለተኛውን ሬንደር የሚያደርገው የመጀመሪያው ስለከሸፈ ነው፤ ለሦስተኛውም ዋስትና የለውም።

የስሌቱ ትልቁ ጥቅም ደግሞ የማይሆነውን ቀድሞ መናገሩ ነው። ፊልሙ 6 ሰዓት ቢሆን በዚያው ገደብ ለምስል የሚደርሰው 1,366 ኪሎቢት ብቻ ነው። በ1080p ጓይላው ሲደምቅ ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይሰባበራል፤ ሁለት ዙርም አያድነውም። ፊልሙ እኩል ለሁለት ቢከፈል ግን እያንዳንዱ 2,900 ገደማ ያገኛል። ይህን ሬንደር ሳይጀመር ማወቅ ይቻላል፤ ደንበኛውም በአንድ ፋይል የደበዘዘ ምስል ወይስ በሁለት ፋይል የጠራ ምስል እንደሚሻለው ራሱ ይመርጣል። በግምት የሚሠራ ቪዲዮ ቤት ይህን ምርጫ ለደንበኛው ማቅረብ አይችልም፤ ምን እንደሚያስረክብ እሱም የሚያውቀው ሬንደሩ ሲያልቅ ነውና።